ሁሉም «አሁኑኑ» ሲል የቱ ይቀድማል?

ወሩ 26 ሆኗል፤ ቀኑ ማክሰኞ ነው። ጓደኛዬ በአንድ አነስተኛ የግንባታ ዕቃ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ሂሳብ ሠራተኛ ናት። 2፡30 ላይ ቢሮ ስትገባ፣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ነው የጠረጴዛው ስልክ የጮኸው። አለቃዋ ናቸው፤ የሦስት ወር የሽያጭ ሪፖርት ይፈልጋሉ። «ዛሬውኑ» አሉ። ስልኩን ስትዘጋ ደረሰኝ የሚፈልግ ደንበኛ ፊቷ ቆሟል። የሞባይሏ ስክሪን ላይ የቢሮው የቴሌግራም ግሩፕ 47 ያልተነበበ መልእክት ያሳያል። ቼኩን የሚጠብቅ አቅራቢ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ሦስቴ ደውሏል።

ይሄ የሚሰማው ብቻ ነው። ድምፅ የሌለውም አለ። ያለፈው ወር የደመወዝ ግብርና ጡረታ እስከ 30 መግባት አለበት። የባንክ ማስታረቁ ሁለት ወር ወደ ኋላ ቀርቷል። ለካሽ ሬጅስተሩ የቀረው አንድ ጥቅልል ወረቀት ነው። ቤት ደግሞ የእናቷ የደም ግፊት ኪኒን ለአራት ቀን ብቻ ይበቃል። ማታ የውሃ ፈረቃ ነው፤ ያመለጠው ሳምንት ይጠብቃል። የሥራ ባልደረባዋ አክስት ትናንት ተቀብረዋል፤ ለቅሶ መድረስ አለባት። ከዚህ ሁሉ በላይ «አሮጌ ፋይሎችን ማደራጀት» የሚል ወረቀት የኮምፒውተር ስክሪኗ ጥግ ላይ ከተለጠፈ ወር አልፎታል።

አስራ አንድ ጉዳይ ነው። ያን ቀን ምን እንደሠራች ብትጠይቋት ራሷም በትክክል አታውቅም። ስትሯሯጥ ነው የዋለችው። ቴሌግራሙን መለሰች፣ ለአቅራቢው አስረዳች፣ ሪፖርቱን ጀመረች፣ መሃል ላይ ሌላ ስልክ አነሳች። 11፡30 ላይ ስትወጣ ከዝርዝሩ ሙሉ በሙሉ ያለቀው ደረሰኙ ብቻ ነበር። ማታ ሻይ ይዘን አንድ ወረቀት ላይ አስራ አንዱንም ጻፍናቸው። ጠዋት 2፡30 ላይ ብንሆን ኖሮ እንዴት እንደምንደረድራቸው ለማየት ነበር። ከዚህ በታች የምጽፈው ያ ወረቀት ነው።

መጀመሪያ ግን ስለ ዘዴው ትንሽ። ሥራን በአስቸኳይነትና በአስፈላጊነት መለየት ብዙ ጊዜ ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ከድዋይት አይዘንሃወር ስም ጋር ይያያዛል። ሰውየው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1954 ኢሊኖይ ውስጥ ኤቫንስተን በምትባል ከተማ ባደረጉት ንግግር፣ ችግሮች ሁለት ዓይነት ናቸው፣ አስቸኳይና አስፈላጊ፤ አስቸኳዩ አስፈላጊ አይደለም፣ አስፈላጊውም መቼም አስቸኳይ አይደለም የሚል አባባል ጠቅሰዋል። አባባሉ የራሳቸው አልነበረም፤ የአንድ የቀድሞ የኮሌጅ ፕሬዚዳንት ነው ብለው ነው የተናገሩት። አራት ክፍል ያለው ታዋቂው ሠንጠረዥ በኋላ ሌሎች ሰዎች ያበጁት ነው። አስቸኳይም አስፈላጊም የሆነውን ወዲያው ሥራ፤ አስፈላጊ ሆኖ አስቸኳይ ያልሆነውን ቀጠሮ ያዝለት፤ አስቸኳይ ሆኖ አስፈላጊ ያልሆነውን ለሌላ ሰው ስጥ፤ ሁለቱንም ያልሆነውን ተወው።

ሲያዩት ቀላል ነው። ጓደኛዬም ታውቀው ነበር። ሞክራውም ነበር፤ ግን አስራ አንዱም የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ገቡባት።

ለዚህ አንዱ ምክንያት ቋንቋችን ይመስለኛል። በአማርኛ «አስፈላጊ» ያልሆነ ነገር አይገኝም። ደረሰኙም ያስፈልጋል፣ ቴሌግራሙም ያስፈልጋል። ስለዚህ ወረቀታችን ላይ «አስፈላጊ» የሚለውን ቃል ሰረዝነው። በምትኩ ሁለት ጥያቄ ጻፍን፦ ይሄ ባይሠራ ማን ምን ያጣል? የሚያጣውስ ከመቼ ጀምሮ ነው? የመጀመሪያው ቁም ነገሩን ይነግርሃል፤ ሁለተኛው ጊዜውን። ከእያንዳንዱ ሥራ ፊት ለፊት መልሱን በአጭሩ መጻፍ ግዴታ ነው። በሐሳብ ብቻ ከሆነ የሚያሸንፈው ጮክ ብሎ የሚጠራው ነው።

ይሄ የኔ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ሦስት ተመራማሪዎች በሸማቾች ባህሪ ላይ በሚያተኩር ጆርናል ላይ ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ፈትኗል። ለተሳታፊዎች ሁለት ተመጣጣኝ አጭር ሥራ ይቀርብላቸዋል፤ አንዱ አነስ ያለ ሽልማት አለው፣ ሌላው ከፍ ያለ። አነስተኛው ላይ አጭር የጊዜ ገደብ ሲለጠፍበት እሱን የሚመርጡ ሰዎች በዙ። ገደቡ ግን ለይስሙላ ነበር፤ ሥራው በሁለቱም በኩል በጊዜው ሊያልቅ ይችል ነበር። የጊዜ ገደቡ ብቻውን ነው የሳባቸው። ሁለት ነገር ደግሞ ልብ በሉልኝ። አንደኛ፣ «ሁልጊዜ ሥራ ይበዛብኛል» የሚሉ ሰዎች በዚህ ወጥመድ ይበልጥ ይያዛሉ። ሁለተኛ፣ ሰዎቹ በሚመርጡበት ሰዓት የሽልማቱን ልዩነት እንዲያስቡ ሲደረግ ስህተቱ ይቀንሳል። «ምን ይታጣል?» የሚለውን እዚያው ወረቀቱ ላይ ያስጻፍኳት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። አቅራቢውን እንይ። ሦስቴ ደውሏል፤ «እህቴ፣ ዛሬ ካልሆነ አይሆንም» ብሏል። ፋይሉን ስታወጣው ግን ውሉ ላይ ያለው የክፍያ ቀን 28 ነው፤ ሐሙስ ማለት ነው። ማክሰኞ ባይከፈለው ድርጅቱ የሚያጣው ነገር የለም። የቸኮለው ሰውየው ነው እንጂ ሥራው አይደለም። መልሱ የሁለት ደቂቃ ነው፦ «ቼኩ ሐሙስ 4 ሰዓት ላይ ተፈርሞ ይጠብቅዎታል፤ እስከዚያ መደወል አያስፈልግዎትም።» ይሄ ዓረፍተ ነገር የሚሠራው ቁርጥ ያለ ሰዓት ስላለው ነው። «እናያለን» ያልከው ሰው አሥር ጊዜ ይደውላል። ሰዓት የሰጠኸው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ይጠብቃል።

የእናቷ ኪኒን ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ማንም አልደወለም። እናቷም አላነሱትም፤ አራት ፍሬ አላቸውና። በተራ አስተሳሰብ «ገና አራት ቀን አለ» ተብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ቁም ነገሩ ግን ግልጽ ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒት ሲቋረጥ ግፊቱ ይወጣል። ጊዜውስ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ማለቂያውን ብቻ እንቆጥራለን። መቁጠር ያለብን ግን የመጨረሻውን መጀመሪያ ነው፤ ማለትም ከዚህ ቀን በኋላ ከተጀመረ አይደርስም የሚባለውን ቀን። ሰፈሯ ያለው ፋርማሲ መድኃኒቱ ካለው አሥር ደቂቃ ይበቃል። ከሌለው ፍለጋ ነው፤ አንድ ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል። ቅዳሜ የሚያልቅ ኪኒን የመጨረሻ መጀመሪያው ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ያ ድምፅ የሌለው ጉዳይ ከዝርዝሩ ሁሉ በፊት የሚመጣ ነበር፤ የሚጠይቀውም አንድ ስልክ ብቻ ነው። እሷ ማክሰኞ አልደወለችም። ረቡዕ ስትሄድ «አልቋል» አሏት። ሐሙስ ሦስተኛው ፋርማሲ ላይ ተገኘ።

የደመወዝ ግብሩንም በዚሁ መንገድ ወደ ኋላ እንቁጠር። ቀነ ገደቡ 30 ነው። 26 ማክሰኞ ከሆነ 30 ቅዳሜ ይውላል። ቅዳሜ ላይ ችግር ቢያጋጥም የሚጠየቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል፤ ስለዚህ እውነተኛው መጨረሻ ዓርብ ነው። ዓርብ ደግሞ አገሩ በሙሉ እዚያው ሲስተም ላይ ይሰለፋል፤ «ኔትወርክ የለም» ለምትለዋ ዓረፍተ ነገር አዲስ የሆነ ሂሳብ ሠራተኛ የለም። ስለዚህ ሐሙስ ማለቅ አለበት። ሥራው በእሷ ግምት ሦስት ሰዓት ነው። እኔ አምስት ብዬ ጻፍኩት።

ስለ ግምት አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ የታወቀ ጥናት አለ። የመመረቂያ ጽሑፋቸውን እያጠናቀቁ ያሉ ተማሪዎች መቼ እንደሚጨርሱ ተጠየቁ። በአማካይ 34 ቀን ገደማ ብለው ገመቱ። የፈጀባቸው ግን 55 ቀን ገደማ ነበር። ሰነፎች ስለነበሩ አይደለም። ስንገምት ሥራው ያለ እንቅፋት ሲሄድ ነው የሚታየን፤ የሚቋረጥበት፣ የጠፋ ወረቀት የሚፈለግበት ሰዓት አይታየንም። ስለዚህ ለሥራ የምትሰጡትን ጊዜ በአንድ ተኩል ማባዛት ጥሩ መነሻ ነው። የሌላ ሰው መልስ የሚጠብቅ ከሆነ በሁለት።

አምስት ሰዓት ከሆነ ረቡዕ ጠዋት መጀመር አለባት። ታዲያ ማክሰኞ ግብሩን ትርሳው? አይደለም። አንድ ነገር አለ፦ የመጋዘኑ ሠራተኞች የትርፍ ሰዓት ዝርዝር አልደረሳትም። እሱ የሚመጣው ከመጋዘን ኃላፊው ነው፤ ኃላፊው ደግሞ ዛሬ ተጠይቆ ነገ የሚመልስ ሰው ነው። ስለዚህ ከትልቁ ሥራ ውስጥ የሌላ ሰው እጅ ያለበትን ቁራሽ ቆርጠን ማክሰኞ ጠዋት ላይ አስቀመጥነው። የአምስት ደቂቃ ስልክ ነው። ዝርዝሩን ማክሰኞ ብትጠይቅ ረቡዕ ጠዋት ትጀምራለች። ረቡዕ ብትጠይቅ ሐሙስ ትጀምራለች፤ ሐሙስ ከተጀመረ ደግሞ ዓርብ ሲስተሙ ላይ ሰልፍ ነው።

ወደ አለቃዋ እንምጣ። «ዛሬውኑ» ያሉት ሪፖርት ነው። በኛ አገር አለቃን «ለምን?» ብሎ መጠየቅ እንደ ድፍረት ይታያል፤ እሷም ፈራች። ግን መጠየቂያ መንገድ አለው። «እሺ ጋሼ፣ አደርሳለሁ። ለየትኛው ስብሰባ ነው የሚፈልጉት? አሁን የደመወዝ ግብሩን ይዣለሁ፤ የቱን ላስቀድም?» እምቢ ማለት አይደለም፤ ምርጫውን ለባለቤቱ መመለስ ነው። በማግስቱ ጠየቀቻቸው። ስብሰባው ለካ ዓርብ ነበር። «ለሐሙስ ከደረሰልኝ ይበቃኛል» አሉ። «ዛሬውኑ» ያሉት ማክሰኞ ጠዋት ስለታወሳቸው ነበር። አለቆች ብዙ ጊዜ እንዲህ ናቸው፤ የታወሳቸው ሰዓትና የሚፈልጉበት ሰዓት አንድ ይሆንባቸዋል።

ትንንሾቹ ላይ ብዙ አልቆይም። ፊቷ የቆመው ደንበኛ አምስት ደቂቃ ነው፤ ሰውን አቁሞ ሠንጠረዥ አይሞላም፣ ይስተናገድና ይሂድ። ጥቅልል ወረቀቱን ተላላኪው ይገዛዋል፤ ካለቀ ደረሰኝ መቁረጥ አይቻልምና ዛሬ መገዛት አለበት፣ ግን የግድ በእሷ እጅ መሆን የለበትም። ውሃውን ታናሽ ወንድሟ ይቅዳ፤ እሷ የሚጠበቅባት ጀሪካኖቹ ባዶ መሆናቸውን ማስታወስና ልጁ ማታ እንዳይተኛ መንገር ነው። ቴሌግራሙ 4፡30 እና 10 ሰዓት ላይ፣ በየጊዜው አሥራ አምስት ደቂቃ። ከ47ቱ መልእክት እሷን በስም የሚጠይቀው ሁለት ነበር። የቀረው «እንኳን አደረሳችሁ»፣ አውራ ጣት እና የአንድ ሰው ስህተት ላይ የተጻፈ ቀልድ ነው።

«ለሌላ ሰው ስጥ» የሚለው ምክር ግን ሁሉ ሰው ረዳት ያለው ያስመስላል። ጓደኛዬ ተላላኪና ወንድም አሏት። ከሥሩ ማንም የሌለው ሰው ሥራውን የሚሰጠው ለሌላ ሰዓት ነው። ጉልበትህ የሚደክምበት ሰዓት አለ፤ ለብዙዎቻችን ከምሳ በኋላ ያለው ነው። ፊርማ፣ መልስ መስጠት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ይሄ ሁሉ ወደዚያ ይሂድ። ጠዋቱ ሐሳብ ለሚፈልገው ሥራ ይቅር።

ሠንጠረዡ የማያውቀው ነገርም አለ፤ ለቅሶ ነው። በሁለቱ ጥያቄ ብትመዝነው «ባልሄድ ማን ምን ያጣል?» የሚለው መልስ የለውም፤ ወይም መልሱ በብር አይቆጠርም። እኛ ግን ያለ ሠንጠረዥ ለይተን እናውቀዋለን። ቀብር ሰዓት አለው፤ ካለፈ አለፈ። ለቅሶ መድረስ ግን ቀናት አለው። የባልደረባዋ አክስት ትናንት ተቀብረዋል፤ ስለዚህ ከባዱ ክፍል አልፏል። ዛሬ በስልክ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ማለት፣ ሐሙስ ከሥራ ስትወጣ መሄድ። አንድን ጉዳይ የማይንቀሳቀስና የሚንቀሳቀስ ክፍል እንዳለው አድርጎ መቁረጥ ለሌላውም ሥራ ይረዳል፤ ከላይ ግብሩንም የቆረጥነው እንዲሁ ነው።

በጣም የተከራከርነው በባንክ ማስታረቁ ላይ ነው። እሷ «ይቆይ፣ ማንም አይጠይቀኝም» አለች። እውነቷን ነው፤ የሚጠይቃት የለም፣ ቀነ ገደብም የለውም። ባይሠራ ግን የሚታጣው ከመቼ ጀምሮ ነው? እዚህ ላይ መልሱ የተለየ ነው። ጉዳቱ አንድ ቀን ላይ አይወድቅም፤ በየወሩ ይጨምራል። ማስታረቅ ማለት የድርጅቱን መዝገብና የባንኩን መግለጫ ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነቱን መፈለግ ነው። ልዩነቱ የሁለት ወር ከሆነ ደረሰኙ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ገንዘቡን ያስገባውም ሰው ያስታውሰዋል። የአሥር ወር ሲሆን ግን ሰውየው ሥራ ለቋል። ወረቀቱም ጠፍቷል። «ጠፍቷል» ስል ተሰርቋል ማለቴ አይደለም። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ በቀለም አይጻፍም፤ ወረቀቱ በሙቀት ነው የሚጠቁረው፣ ብርሃንና ሙቀት ሲያገኘው ደግሞ ይደበዝዛል። አምና ሰኔ ላይ ከፋይሏ አንድ ፖስታ አውጥታ አሳይታኝ ነበር። ውስጡ የሰባት ደረሰኝ ክምር አለ። አራቱ ነጭ ወረቀት ሆነዋል። መስኮት አጠገብ አስጠግታ፣ በጣቷ እያዘነበለች፣ ቁጥሩን ከጥላው ለማንበብ ትሞክር ነበር። ያኔ ሥራው በሰላሙ ጊዜ ከሚፈጀው እጥፍ በላይ ፈጅቶባታል፤ ያውም ዓመቱ ሊዘጋ ሲል፣ ሁሉም ነገር አስቸኳይ በሆነበት ሰዓት።

እንዲህ ያለ ሥራ «ጊዜ ሲገኝ» ተብሎ ከተተወ አይሠራም። ጊዜ አይገኝም። ሰዓት መቁረጥ ያስፈልጋል፣ ያውም አጭር ሰዓት። ሁለት ወሩ አራት ሰዓት ይፈጃል ብለን ገመትን፤ በአንድ ተኩል ሲባዛ ስድስት። በየቀኑ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ጠዋት፣ ስልኩ ድምፁ ጠፍቶ፣ ስድስት ቀን። ግብሩ ባለበት ረቡዕ ይዘለላል። ቀጠሮው እንዳልሠራ የምታውቀው በቀላሉ ነው፦ ያ ሰዓት በሳምንት ሁለት ጊዜ በሌላ ነገር ከተወሰደ ቀጠሮው የውሸት ነው፤ ወደ ሌላ ሰዓት መዛወር አለበት። እሷ በሦስተኛው ቀን ወደ 2፡30 ቀየረችው። 3 ሰዓት ላይ ደንበኛ ይበዛል።

ዘዴው የማይሠራበትም ቦታ አለ። በየጠዋቱ በእውነት ወዲያው መሠራት ያለበት ነገር ከአራት አምስት በላይ ከሆነ፣ ያውም ሁለቱን ጥያቄ በሐቅ መልሳችሁ፣ ችግሩ የመደርደር አይደለም። ሥራው ከአንድ ሰው በላይ ነው። ያኔ ወረቀቱ የሚጠቅመው ለአለቃ ለማሳየት ነው፤ «በዛብኝ» ከሚል ቃል ይልቅ ሰዓቱ የተደመረበት ዝርዝር ይሰማል። እንደ ድንገተኛ ክፍል ነርስ ወይም እንደ አስተናጋጅ፣ ሥራው በየደቂቃው የሚቀያየር ሰውም በጠዋት ወረቀት አይመራም፤ እሱ የሚያስፈልገው ሌላ ዓይነት ሥርዓት ነው።

ያ ወረቀት አሁንም ጠረጴዛዋ መስታወት ሥር አለ። ግብሩ ሐሙስ 9 ሰዓት ላይ ገባ። ሪፖርቱም ሐሙስ ደረሰ፤ አለቃዋ ከሦስቱ ገጽ አንዱን ብቻ ነው ስብሰባ ይዘው የሄዱት። ከአስራ አንዱ እስከ መጨረሻው ምልክት ያልተደረገበት «አሮጌ ፋይሎችን ማደራጀት» የሚለው ነበር። አንድ ነገር ሦስት ቀን ከተሻገረ ወይ ሰዓት ይሰጠዋል ወይ ይሰረዛል ተባብለን ነበር። ባይሠራ ማን ምን ያጣል ብዬ ጠየቅኳት። ትንሽ አሰበችና የተለጠፈውን ወረቀት ከስክሪኑ ጥግ ላይ ላጠችው።